ሦስት ሰው የሚጽፍበት የንብረት ፋይል እንዳይባዛ፦ የስምና የቅጂ አያያዝ መመሪያ

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከደብረ ማርቆስ የሚደውሉልኝ የግምጃ ቤትና የሒሳብ ሠራተኞች ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የንብረት ፋይላችን አምስት ሆኗል፤ ትክክለኛው የቱ ነው?» ስክሪኑን ፎቶ አንሥተው ሲልኩልኝ ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦

```
Nibret.xlsx
Nibret - Copy.xlsx
Nibret (1).xlsx
Nibret new.xlsx
Nibret final final.xlsx
```

ስሞቹን አይቶ መመለስ አይቻልም። `- Copy` የሚለውን የጨመረው ዊንዶውስ ነው፤ ፋይሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ ሲገለበጥ ይጨምራል። `(1)` የመጣው ደግሞ ያው ፋይል ሁለተኛ ጊዜ ሲወርድ ነው። `new` እና `final` የሰው ሥራ ናቸው፤ የጻፋቸው ሰው ራሱ ከሳምንት በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ አያስታውስም።

ይህ መመሪያ ከሁለት እስከ አምስት ሰው በኤክሴል ለሚሠራበት፣ መብራትና ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ቢሮ ነው። ሁሉም ደረጃዎች የቆሙት በሁለት ደንቦች ላይ ነው። ዋናው ፋይል ስሙ አይለወጥም፤ የቀን ቅጂ ይዘቱ አይለወጥም። «ይህን ባደርግስ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣባችሁ ወደ እነዚህ ሁለቱ ተመለሱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዋናው ፋይል የሚቀመጥበት አንድ ኮምፒውተር። ላፕቶፕ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ያድናችኋል፤ ካልሆነ ዩፒኤስ ይኑረው።
- ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኝ የቢሮ ኔትወርክ። ከሌላችሁም መመሪያው ይሠራል፤ ሁሉም ሰው በዚያው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል ማለት ነው።
- ለመጠባበቂያ ብቻ የሚያገለግል አንድ ፍላሽ። ፊልምና ደብዳቤ የሚዞርበት ፍላሽ አይሆንም።
- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ።
- በፋይሉ ውስጥ የገቢና የወጪ ሰነድ ቁጥር የሚጻፍበት ዓምድ፣ ማለትም የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 ቁጥር። ፋይላችሁ ቀሪውን ብቻ እያጠፋ የሚጽፍ ከሆነ አሁኑኑ ለእያንዳንዱ ገቢና ወጪ አንድ መስመር ወደሚይዝ ቅርጽ ለውጡት። ያለዚህ ደረጃ 7 አይሠራም።

ደረጃ 1፦ መነሻውን አንድ አድርጉ

ከሁሉም ኮምፒውተርና ፍላሽ፣ ከቴሌግራም ማውረጃ ፎልደርም ጭምር የንብረት ፋይል የሚመስለውን ሁሉ ሰብስባችሁ `AROGE` በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ አስገቡ። ምንም አታጥፉ። የተረሳ አንድ የወጪ መስመር ምናልባት እዚያ ውስጥ ብቻ ይገኝ ይሆናል።

ከእነዚህ መካከል መነሻ የሚሆነውን ስትመርጡ ፋይሉ መጨረሻ የተሻሻለበትን ቀን አትመኑ። አንድ ሰው ከፍቶ ምንም ሳይጽፍ ሴቭ ቢያደርግ ቀኑ ይታደሳል። ከቴሌግራም የወረደ ፋይል ደግሞ የወረደበትን ጊዜ ሊያሳይ ይችላል። መታየት ያለበት የመጨረሻው የሰነድ ቁጥር ነው። የሞዴል 22 ጥራዙን አምጡና የመጨረሻው ቅጠል ቁጥር በየትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ ፈልጉ። ከተቻለ ደግሞ ዕቃውን ቆጥራችሁ ከቆጠራው ጀምሩ፤ የሚያከራክር ነገር አይቀርም።

ደረጃ 2፦ ለፋይሉ ቤት ስጡት

በተመረጠው ኮምፒውተር ላይ ሦስት ፎልደር ያለው አንድ ፎልደር ክፈቱ፦

```
NIBRET
   1_WANA
   2_YEKEN_KIJI
   3_AROGE
```

ዋናው ፋይል `1_WANA` ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። ሌላ ፋይል በዚህ ፎልደር ውስጥ ከታየ ስሕተት አለ ማለት ነው፤ ፎልደሩን ለብቻው ያደረግነው ይህ በአንድ ዓይን እንዲታይ ነው። የቀን ቅጂዎች ወደ ሁለተኛው፣ አሮጌዎቹ ወደ ሦስተኛው ይሄዳሉ።

በሌሎቹ ኮምፒውተሮች ዴስክቶፕ ላይ ፋይሉን አታስቀምጡ፤ ወደ ፋይሉ የሚወስደውን አቋራጭ አስቀምጡ። በፋይሉ ላይ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ `Create shortcut` በሉና የሚገኘውን ምልክት ወደ ዴስክቶፕ አዛውሩ፤ ምልክቱ ከታች በግራ በኩል ትንሽ ቀስት አለበት። ቀስት የሌለበት ምልክት ዴስክቶፕ ላይ ካያችሁ ያ ቅጂ ነው፤ ጣጣው ከዚያ ይጀምራል።

ደረጃ 3፦ የዋናውን ፋይል ስም ቁረጡ

ስሙ ቦታውን፣ የግምጃ ቤቱን ቁጥር፣ የንብረቱን ዓይነትና የበጀት ዓመቱን ይያዝ። ቀን፣ የሰው ስም፣ `new` ወይም ቁጥር አይገባበትም። ለምሳሌ ፍኖተ ሰላም ላለ ግምጃ ቤት 1 የአላቂ ዕቃ ፋይል፦

```
FS_G1_ALAKI_B2018.xlsx
```

`B` የሚለው ፊደል በጀት ዓመት ማለት ነው፤ አትተዉት። የ2018 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2017 ስለሆነ፣ ያለ `B` የተጻፈ 2018 በሐምሌና በነሐሴ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓመት አድርገው ይረዱታል።

በአማርኛ ፊደል ብንጽፈውስ? ዊንዶውስ ይቀበላል፤ ችግሩ የእኛው አጻጻፍ ነው። አንዱ «ዕቃ» ብሎ ይሰይማል፣ ሌላው «እቃ» ብሎ ይፈልጋል፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው። ፍለጋው «የለም» ሲል ሰውየው አዲስ ፋይል ይከፍታል። ስለዚህ ለስሙ የላቲን ፊደል ተጠቀሙ። በላቲንም ቢሆን `ALAKI` እና `ALAQI` መለያየታቸው አይቀርምና አጻጻፉን በወረቀት ጽፋችሁ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፉት።

ክፍተት አትተዉ፤ በሰረዝ ወይም በታች ሰረዝ አያይዙ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የማይቀበላቸው ምልክቶችም አሉ፦

```
\ / : * ? " < > |
```

ቀንን በ`15/03/2018` መልክ መጻፍ የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 4፦ የቀን ቅጂውን ስም ቁረጡ

የቀን ቅጂ ማለት በሥራ ማብቂያ ላይ የሚወሰድ፣ ከዚያ በኋላ ማንም የማይጽፍበት የዋናው ፋይል ግልባጭ ነው። ስሙ የዋናው ስም ሆኖ ቀን፣ የዕለቱ ተራ ቁጥርና የገልባጩ ስም መነሻ ፊደላት ይጨመሩበታል፦

```
FS_G1_ALAKI_B2018_2018-03-15_01_TA.xlsx
```

ይህ ኅዳር 15 ቀን 2018 `TA` የወሰደችው የመጀመሪያ ቅጂ ነው። ዓመት ቀድሞ፣ ወር ተከትሎ፣ ቀን መጨረሻ የሚሆነው ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ በጊዜ ቅደም ተከተል እንዲሰለፉ ነው። ቀን ቀድሞ ቢጻፍ የመስከረም 1፣ የጥቅምት 1 እና የኅዳር 1 ፋይሎች አንድ ላይ ይከመራሉ። ከ10 በታች ለሆነ ቁጥር 0 ማስቀደም ግዴታ ነው፤ ያለዚያ በአንዳንድ ስልክና ፕሮግራም ላይ 10 ከ2 ቀድሞ ይመጣል። ጳጉሜን 13 ተብላ ትጻፋለች፣ ያለ ችግር ቦታዋን ትይዛለች።

በስሙ ውስጥ የምትጠቀሙት አንድ አቆጣጠር ብቻ ይሁን። ሰነዶቻችሁ በኢትዮጵያ ቀን ስለሚሞሉ የፋይሉም ስም በዚያው ይሁን የምል ነኝ። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያሳየው ግን የፈረንጅ ቀን ነውና ከላይ ያለው ቅጂ አጠገብ ኖቬምበር 24 ቀን 2025 ተጽፎ ስታዩ አትደናገጡ፤ ያው ቀን ነው። ሰዓት በስሙ ውስጥ አታስገቡ። እናንተ ከምሽቱ 1 ሰዓት የምትሉትን ኮምፒውተሩ 7 ይለዋል፤ ተራ ቁጥሩ ይህን ንትርክ ይተካዋል።

ደረጃ 5፦ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ይጻፍ

ደብተሩን በአራት ዓምድ ከፍሉት፦ ቀን፣ ስም፣ የተከፈተበት ሰዓት፣ የተዘጋበት ሰዓት። የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ይፈርማል፤ ሲጨርስ ይዘጋል። ደብተሩ የሚቀመጠው ፋይሉ ባለበት ኮምፒውተር አጠገብ ነው። ሌላ ክፍል ያለ ሰው ደውሎ «እትዬ፣ ፋይሉ ተለቋል?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ገምቶ አይገባም።

በኔትወርክ የምትሠሩ ከሆነ ኤክሴልም ያግዛችኋል። አንድ ሰው ፋይሉን ሲከፍት በዚያው ፎልደር ውስጥ በ`~$` የሚጀምር የተደበቀ ትንሽ ፋይል ይፈጠራል፤ ሁለተኛው ሰው ሲከፍት `locked for editing by` የሚል መልእክትና የያዘው ሰው ስም ይመጣለታል። ችግሩ በብዙ ቢሮ የሚመጣው ስም `User` ወይም `hp` መሆኑ ነው፤ ማንን እንደምትጠይቁ አታውቁም። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር `File`፣ `Options`፣ `General` ገብታችሁ `User name` በሚለው ቦታ የሠራተኛውን ስም ጻፉ።

መልእክቱ ሲመጣ ለማየት ብቻ ከፈለጋችሁ `Read Only` በሉ። `Notify` ካላችሁ የያዘው ሰው ሲዘጋ ኤክሴል ይነግራችኋል።

> ማስጠንቀቂያ፦ በ`Read Only` የከፈታችሁትን ፋይል አትሙሉት። ሴቭ ስትሉ ኤክሴል በዋናው ላይ አይጽፍም፤ በ`Copy of` የሚጀምር አዲስ ስም ያቀርብላችኋል። እሺ ካላችሁ ሁለተኛ ፋይል ወልዳችኋል። የጻፋችሁት ካለ ወረቀት ላይ ገልብጡት፤ ሳታስቀምጡ ዝጉና ተራችሁን ጠብቁ።

መብራት ድንገት ከጠፋ ያ የተደበቀ ፋይል ሳይጠፋ ሊቀርና ፋይሉ ማንም ሳይዘው «ተይዟል» ሊባል ይችላል። መጀመሪያ በደብተሩም በስልክም ማንም እንዳልከፈተው አረጋግጡ፤ ከዚያ መልእክቱ ላይ ስሙ የወጣውን ኮምፒውተር አጥፍታችሁ አብሩ። ከዚህም በኋላ ካልለቀቀ በ`~$` የሚጀምረውን ብቻ አጥፉ። ኤክሴል ተመልሶ ሲከፈት በግራ በኩል የተረፈ ፋይል ካቀረበላችሁ በሌላ ስም አታስቀምጡት፤ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ከሰነዱ ጋር አስተያይታችሁ የጎደለውን ዋናው ላይ ጻፉ።

ደረጃ 6፦ ዝጉ፣ ከዚያ ገልብጡ

ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። ፋይሉን ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉ። ከ`1_WANA` ውስጥ `Ctrl+C`፣ `2_YEKEN_KIJI` ውስጥ `Ctrl+V` በሉ። ስሙን በደረጃ 4 መሠረት ለውጡ። ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ `Properties` ውስጥ `Read-only` የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ከዚያም ያንኑ ቅጂ በመጠባበቂያው ፍላሽ ላይ ጨምሩ።

ብዙ ሰው ይህንኑ በ`Save As` ለማድረግ ይሞክራል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፤ ከማውቃቸው ሁሉ ብዙ ፋይል ያባዛው እሱ ነው። `Save As` ካላችሁበት ቅጽበት ጀምሮ ስክሪኑ ላይ የተከፈተው ዋናው ፋይል አይደለም፤ አዲሱ ቅጂ ነው። ምሳ ደርሶ ተመልሳችሁ በዚያው መስኮት ስትቀጥሉ ከሰዓት በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ ቅጂው ውስጥ ይቀራል፣ ዋናው ደግሞ የጠዋቱን ይዞ ይቆማል። ለማወቅ ከላይ በመስኮቱ ግንባር ላይ ያለውን ስም አንብቡ፤ በስሙ ውስጥ ቀን ካለ የተሳሳተ ፋይል ላይ ናችሁ።

ለበላይ ኃላፊ ወይም ለዞን የሚላከው የቀን ቅጂው ነው፤ ዋናው አይላክም። ለንባብ ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ። ቡሬ ያለ ቅርንጫፍ ወጪ ካደረገ የሞዴል 22ን ፎቶ ይላክ፣ ተረኛው ዋናው ላይ ያስገባ። ፋይሉን ልኮ «ሞልተህ መልስልኝ» ማለት ግን ሁለት ዋና ፋይል መፍጠር ነው። ቴሌግራም ላይ የተከፈተ ፋይል የሚቀመጠው በተቀባዩ ኮምፒውተር ማውረጃ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ፣ ሰውየው ሴቭ ሲል ዋናውን ያስተካከለ ይመስለዋል፤ የነካው ግን የራሱን ቅጂ ነው።

ደረጃ 7፦ ሁለት ፋይል ከተፈጠረ እንዲህ አዋሕዱ

ምሳሌውን በቁጥር እንየው። ኅዳር 15 በተወሰደው የቀን ቅጂ የወረቀት ቀሪ 240 እሽግ ነው። በማግስቱ የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ዋናው ላይ ስትጽፍ የሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ በፍላሽ በወሰደው ቅጂ ላይ ጻፈ።

የእሷ ፋይል፦ ሞዴል 22 ቁጥር 4417 ወጪ 20፣ ቁጥር 4418 ወጪ 40፣ ቁጥር 4419 ወጪ 25። ቀሪ 155።

የእሱ ፋይል፦ ሞዴል 19 ቁጥር 1203 ገቢ 200፣ ሞዴል 22 ቁጥር 4417 ወጪ 20። ቀሪ 420።

አንዱን በሌላው ላይ ብትገለብጡ ወይ 200 እሽግ ገቢ፣ ወይ 65 እሽግ ወጪ ይጠፋል። የሁለቱን ለውጥ ብትደምሩም ትሳሳታላችሁ፤ እሷ 85 ቀንሳለች፣ እሱ 180 ጨምሯል፣ 335 ይመጣል። ቁጥር 4417 በሁለቱም ስላለ ሁለት ጊዜ ተቀንሷል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦

1. ሁሉም ሰው መጻፍ ያቁም። በደብተሩ ላይ «ታግዷል» ብላችሁ ጻፉ። ዋናው ላይ አንድ ሰው መጨመሩን ከቀጠለ ማዋሐዱ ማለቂያ የለውም።
2. ሁለቱንም ፋይል ሳትነኩ `3_AROGE` ውስጥ ገልብጡ፣ በስማቸው መጨረሻ ላይ የጻፊውን መነሻ ፊደላት ጨምሩ።
3. ሁለቱም የሚስማሙበትን የመጨረሻ የቀን ቅጂ ፈልጉ። እዚህ የኅዳር 15ቱ፣ ቀሪ 240 ያለው ነው። የቀን ቅጂ በየዕለቱ የሚወሰደው ለዚህ ቀን ነው።
4. ከዚያ ቅጂ በኋላ የተጻፉትን መስመሮች ብቻ ከሁለቱም አውጥታችሁ በአንድ ባዶ ገጽ ላይ በሰነድ ቁጥር ደርድሩ። አምስት መስመር ይሆናል።
5. የሰነዱ ዓይነትም ቁጥሩም የተደገመውን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩና አንዱን አስቀሩ። 4417 አንዴ ብቻ ይቀራል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ብዛቱ ከተለያየ ዳኛው ወረቀቱ ነው።
6. `1_WANA` ውስጥ ያለውን አጥፍታችሁ የኅዳር 15ቱን ቅጂ እዚያ ገልብጡ፣ ስሙን ወደ ዋናው ስም መልሱ፣ በ`Properties` የ`Read-only` ምልክቱን አንሡ። አራቱን መስመሮች አስገቡ፦ 240 ሲደመር 200፣ ሲቀነስ 20፣ 40 እና 25፤ ቀሪ 355።
7. መደርደሪያው ላይ ያለውን ወረቀት ቁጠሩ። 355 ካልሆነ ከሁለቱም ፋይል ውጭ የቀረ ሰነድ አለ፤ ጥራዙን ቅጠል በቅጠል እዩ።
8. በደረጃ 6 መሠረት አዲስ የቀን ቅጂ ወስዳችሁ እገዳውን አንሡ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

ዋናውን ፋይል ማሻሻል ነው ብሎ ስሙን መቀየር። ስሙ ሲለወጥ በሌሎቹ ዴስክቶፕ ያለው አቋራጭ ሊሰበር ይችላል፤ «ፋይሉ ጠፋ» ብለው ከፍላሽ አሮጌ ቅጂ ያመጣሉ።

የቀን ቅጂ ውስጥ «ትንሽ ስሕተት» ማረም። ስሕተቱ ዋናው ላይ ይታረማል፣ የነገው ቅጂ ይይዘዋል። ያለፈው ቅጂ ከተነካ ደረጃ 7 ላይ መነሻ አይሆናችሁም።

ቦታ ለማትረፍ የቀን ቅጂዎችን ቶሎ ማጥፋት። የኤክሴል የንብረት ፋይል ትንሽ ነው፤ የዓመቱ ሁሉ አንድ ፍላሽ አይሞላም። ቢያንስ የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ ኦዲት እስኪያልቅ አቆዩአቸው።

ኢንተርኔት አስተማማኝ ሲሆን ወደ ጎግል ሺት ተሻግሮ ደንቡን መርሳት። እዚያ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መጻፍ ይችላል፤ የተራ ደብተሩ ላያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰው `Make a copy` ካለ ወይም አውርዶ በኤክሴል ከሞላ ያው የድሮው ችግር ነው፤ የስም ደንቡ እዚያም ይቀጥላል።

ደረጃ 8፦ የበጀት ዓመቱ ሲለወጥ

ሰኔ 30 ቆጠራው አልቆ የመጨረሻው መስመር ሲገባ የዋናውን ፋይል የመጨረሻ የቀን ቅጂ ውሰዱ፤ ከተራ ቁጥሩ ቦታ `ZIGIT` ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ዋናውን ወደ `3_AROGE` አዛውሩ። በ`1_WANA` ውስጥ `FS_G1_ALAKI_B2019.xlsx` የሚል አዲስ ፋይል ክፈቱ፣ የቆጠራውን ቀሪ የመጀመሪያ መስመር አድርጋችሁ አስገቡ። የአሮጌውን ፋይል መስመሮች አጥፍቶ በዚያው መቀጠል አይሆንም፤ በሐምሌ ዘግይቶ የሚመጣ የሰኔ ሰነድ የሚታይበት ቦታ ያጣል። በየኮምፒውተሩ ያለውን የድሮ አቋራጭ በዚያው ዕለት አንሥታችሁ አዲሱን አስቀምጡ፤ አንድ ኮምፒውተር ከተረሳ ሐምሌ ላይ በ`B2018` የሚጽፍ ሰው አይጠፋም።